ለዒድ የሚወጣ የዕረፍት ማስታወቂያ ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደሴ ከተማ የሕፃናት ልብስና ጫማ በጅምላ በሚያከፋፍል ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ለደንበኞች የሚላከውን ማስታወቂያ የምጽፈውም እኔ ነኝ። ደንበኞቻችን በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በከሚሴ፣ በሐይቅ፣ በመርሳ፣ በወልዲያና በመካነ ሰላም ሱቅ ያላቸው ቸርቻሪዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ እኔው ራሴ የሠራኋቸው ናቸው። ምሳሌ የማደርገው የ2017 ዓ.ም. የዒድ አል ፈጥር በዓልን ነው፤ ምክንያቱም ቀኑ አስቀድሞ የማይቆረጥ በዓል የማስታወቂያን ድክመት ሁሉ አንድ በአንድ ያወጣዋል።

የመጀመሪያው ስህተት የምንዘጋበትን ቀን ብቻ መጻፍ ነው። «ለዒድ በዓል ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ዝግ መሆናችንን እናሳውቃለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ቢለጠፍ፣ ለሚያልፈው ገዢ ይበቃው ይሆናል። በወልዲያ ላለ ቸርቻሪ ግን ምንም አልነገረውም። እርሱ ማወቅ የሚፈልገው ሱቃችን መቼ እንደሚዘጋ ሳይሆን፣ ዕቃው ከበዓሉ በፊት እጁ እንዲገባ እስከ መቼ ማዘዝ እንዳለበት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ክፍት ስለሆነ ብቻ ደውሎ ቢያዝዝ፣ ትዕዛዙን የምንቀበለው ዕቃው እንደማይደርስለት እያወቅን ይሆናል።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት፣ ቀኖቹን ጨረቃ ላይ ማንጠልጠል ነው። የረመዳን ወር 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን ዒድ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚታወቀው በ29ኛው ቀን ማታ ነው። በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የተያዘው ቅዳሜ የካቲት 22 ስለነበር 29ኛው ቀን ቅዳሜ መጋቢት 20 ላይ ዋለ፤ በዓሉም እሑድ መጋቢት 21 ወይም ሰኞ መጋቢት 22 እንደሚሆን ከወር በፊት መቁጠር ይቻል ነበር። በመጨረሻ እሑድ ዋለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ግን ማስታወቂያችን «ዒዱ ከሚውልበት ቀን ሦስት ቀን አስቀድሞ ትዕዛዝ መቀበል እናቆማለን፤ ከዒዱ ማግስት በኋላ ሥራ እንጀምራለን» ይል ነበር። ይህ አረፍተ ነገር ሲነበብ የተሟላ ይመስላል። ሆኖም በዓሉ የሚታወቀው ቅዳሜ ማታ ከሆነ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ወደ ኋላ የሚቆጠረው የትዕዛዝ ማብቂያ ቀኑ ሲታወቅ አልፎ ይገኛል ማለት ነው። ግማሹ ደንበኛ ሐሙስን፣ ግማሹ ዓርብን ይይዛል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ነገር ግን ለቤቱ አንድ ቀን ያስከፍላል። ከበዓሉ በፊት ያሉት ቀኖች ሁሉ ቀድሞ ሊውል በሚችለው ቀን፣ ከበዓሉ በኋላ ያሉት ደግሞ ዘግይቶ ሊውል በሚችለው ቀን ይሰላሉ። ስለዚህ የትዕዛዝ ማብቂያውን ዒዱ እሑድ እንደሆነ አድርገን፣ የምንከፍትበትን ቀን ደግሞ ዒዱ ሰኞ እንደሆነ አድርገን ቆረጥን። ቀኑ እሑድ ሲሆን ሰኞን በከንቱ ተዘግተን ዋልን የሚል ባልደረባ ነበር፤ እውነት ነው። የዚያ ሰኞ ዋጋ ግን፣ አምና በሁለት ቀን መካከል ተንጠልጥለው ሲደውሉልን ከነበሩት ደንበኞች መተማመን ጋር ሲተያይ ትንሽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በዚህ መንገድ የተጻፈው ማስታወቂያ ይህን ይመስላል፦

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን። ለዒድ አል ፈጥር በዓል ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ ረቡዕ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ሲሆን ረቡዕም ይጨምራል። ለመካነ ሰላም ደንበኞቻችን የመጨረሻው ቀን ማክሰኞ መጋቢት 16 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ክፍያው እስከ ሐሙስ መጋቢት 18 ከቀኑ 6 ሰዓት ሂሳባችን ውስጥ ያልገባ ትዕዛዝ ከበዓሉ በኋላ ይላካል፤ የመካነ ሰላም ክፍያ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት መግባት አለበት። ከበዓሉ በፊት የመጨረሻው ዕቃ ከደሴ የሚነሳው ዓርብ መጋቢት 19 ንጋት ላይ፣ የመካነ ሰላሙ ደግሞ ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። ከቅዳሜ መጋቢት 20 እስከ ሰኞ መጋቢት 22 ዝግ ነን። ማክሰኞ መጋቢት 23 ሱቁ ይከፈታል፤ ዕቃ መላክ የምንጀምረው ሐሙስ መጋቢት 25 ነው። በዓሉ እሑድም ሆነ ሰኞ ቢውል እነዚህ ቀኖች አይለወጡም።»

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ከሁሉ ይልቅ ስልክ ያስቀረችልን ናት።

ሦስተኛው ስህተት «ይላካል» እና «ይደርሳል» የሚሉትን ቃላት ማቀላቀል ነው። አንዲት የወልዲያ ደንበኛችን በዓሉ ካለፈ በኋላ ደውለው የነገሩኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ እናንተ ዓርብ ይላካል አላችሁኝ፤ እኔ ለሰዎቼ ዓርብ ይደርሳል አልኩ። ልጆቹ ዓርብ መጥተው ባዶ እጃቸውን ሄዱ» አሉኝ። በዚያን ጊዜ የጻፍነው «የመጨረሻው ጭነት ዓርብ» ብቻ ነበር፤ የዓርቡ ጭነት የተሰጠው ግን ዓርብ ማታ ነበርና ሣጥናቸው ወልዲያ የገባው ቅዳሜ ነው። ከደሴ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ዕቃ መንገደኛ ተከትሎ የሚሄድ ስለሆነ አውቶቡሱ ካልተነሳ ዕቃውም አይነሳም። አሁን የምንጽፈው ዕቃው ከደሴ የሚነሳበትን ቀንና የቀኑን ክፍል ነው። ዓርብ ንጋት ላይ የሚነሳ ካርቶን ሐሙስ ማታ መናኸሪያ ገብቶ ለረዳቱ ተሰጥቶ ማደር አለበት፤ ሐሙስ ማታ እንዲገባ ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታሽጎ ማለቅ አለበት። የክፍያው ማብቂያ ሐሙስ 6 ሰዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚደርስበትን ሰዓት ግን አንጽፍም፤ በበዓል ዋዜማ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቦታ መኖሩን እኛ ልናረጋግጥ ስለማንችል፣ ያልያዝነውን ነገር ቃል መግባት ይሆንብናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ትዕዛዝንና ክፍያን እንደ አንድ ነገር መቁጠር ነው። ብዙ ደንበኞች በረቡዕ ማብቂያ ሰዓት ላይ ትዕዛዛቸውን ይነግሩንና ገንዘቡን ዓርብ ያስገባሉ፤ በእነርሱ አስተያየት በሰዓቱ አዝዘዋል። በእኛ አሠራር ደግሞ ያልተከፈለበት ዕቃ አይታሸግም። በስልክ የሚተላለፍ ገንዘብ በማንኛውም ሰዓት ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን የማን እንደሆነ አይቶ ከትዕዛዙ ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በጾም ወቅት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ ወደ ቤቱ መሄድ አለበት። በማስታወቂያው ላይ ሁለቱ ማብቂያዎች በሁለት የተለያዩ አረፍተ ነገሮች የሰፈሩት ለዚህ ነው።

አራተኛው ስህተት ለሁሉም ቦታ አንድ ማብቂያ ማድረግ ነው። መካነ ሰላም ከወልዲያ መስመር የተለየ መንገድ ስለሆነና ዕቃው ከመንገድ ስለሚቆይ አንድ ቀን ይቀደማል። በሌላ በኩል ባቲን ማሰብ ያስፈልጋል። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው፤ ቸርቻሪው የትኛው የጫማ ቁጥር እንዳለቀበት፣ የትኛው ቀሚስ እንደተፈለገ የሚያውቀው ገበያው ሲበተን ነው። አንድ ጊዜ ማብቂያውን ሰኞ ቀን 9 ሰዓት አድርገን ነበር፤ የባቲ ደንበኞቻችን በሙሉ ገበያ ላይ ቆመው ነበርና አንዳቸውም አላዘዙም። በ2017ቱ በዓል ከዒዱ በፊት የመጨረሻው የባቲ ገበያ መጋቢት 15 ነበር። ማብቂያው መጋቢት 17 ሲሆን ማክሰኞን በሙሉ ቆጥረው ለማዘዝ ጊዜ አገኙ።

አምስተኛው በቀንና በሰዓት አጻጻፍ ላይ ነው። «እስከ 19/7» ከማለት «እስከ ዓርብ መጋቢት 19» ማለት ይሻላል፤ የቀኑ ስምና የወሩ ስም ሲጠቀሱ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል፤ ስልኩን በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀመውም አይምታታበትም። «እስከ 9 ሰዓት» ብቻ የተባለውን የሚያነብ፣ ስልኩ ላይ 9:00 ሲያይ ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ልብ ሳይል «አለፈኝ» ብሎ ሊተው ይችላል፤ ስለዚህ «ከቀኑ» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም። «እስከ ረቡዕ» ሲባልም ረቡዕ ይጨምር አይጨምር እንደሆነ አንድ ቃል መጨመር ይበቃል።

ስድስተኛው ስህተት የተከፈተበትን ቀን ዕቃ ከሚላክበት ቀን ጋር አንድ ማድረግ ነው። ማክሰኞ መጋቢት 23 በሩን ስንከፍት መጀመሪያ የሚጠብቀን ክፍያቸው ዘግይቶ የቀሩት ትዕዛዞች ናቸው፤ ከእነርሱም ጋር መጋዘኑ መቆጠር አለበት፤ ከበዓሉ ጥድፊያ በኋላ በመዝገብ ያለውና በመደርደሪያ ያለው አይገጥምምና። ሁለት ቀን ይፈጃል። «ማክሰኞ ሥራ እንጀምራለን» ብቻ ያልናቸው ደንበኞች ረቡዕ ዕቃ ይጠብቃሉ። በዚያ ዓመት ይህ ከወትሮው የበለጠ ይከብድ ነበር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ስለዋለ፣ በዒዱና በፋሲካው መካከል የነበረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ከዒዱ በኋላ የሚታዘዘው አብዛኛው ዕቃ የፋሲካ ነበርና ቸርቻሪው የመጀመሪያውን የመላኪያ ቀን ይዞ ነበር የፋሲካውን የሚያቅደው። በተዘጋንባቸው ቀኖች የመጡ መልእክቶች ግን በመጡበት ቅደም ተከተል እንደሚስተናገዱ መጻፍ ጠቅሞናል፤ ደንበኛው ቅዳሜ ማታ ጽፎ ቦታውን ይይዛል፣ እኛም ማክሰኞ ጠዋት ከስልክ ጋር አንታገልም።

ማስታወቂያው መቼ ይውጣ የሚለው አጭር ነገር ነው፦ ከትዕዛዝ ማብቂያው ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ቀን በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በማብቂያው ዋዜማ አንድ ጊዜ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የላክነው ሰኞ መጋቢት 8 ነው።

የመጨረሻው ስህተት ያለፈውን ማስታወቂያ አለማንሳት ነው። የዒዱ ወረቀት በሩ ላይ እንዳለ የፋሲካው ከጎኑ ሲለጠፍ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ደንበኛ ሁለቱንም አንብቦ የትዕዛዝ ማብቂያው አልፏል ብሎ ሊመለስ ሲል አገኘሁት። አሁን አዲሱ ከመለጠፉ በፊት አሮጌው ይነሳል። የማነሳውም የመጀመሪያው ጭነት በወጣበት ሐሙስ ጠዋት እንጂ ሱቁ በተከፈተበት ማክሰኞ አይደለም፤ ማክሰኞና ረቡዕ የሚደውሉት ሰዎች የሚጠይቁት ያንኑ ሐሙስን ነውና።