«ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ይለጥፍ» ብለን የሠራናቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለች ባለ 16 ክፍል ሆቴል ነው የምሠራው። መጠሪያዬ ሥራ አስኪያጅ ነው። ግን ሒሳቡንም፣ የገበያ ግዢውንም፣ የቴሌግራም ቻናሉንም የምይዘው እኔው ነኝ። የ2018 የታኅሣሥ ቁልቢ ሲቃረብ ፖስቶቻችን በሰዓታቸው በራሳቸው እንዲወጡ የሚያደርግ ነገር እንዲሠራልን ከአንድ ፍሪላንሰር ጋር ተስማማን። የሰጠሁት የሥራ መግለጫ ሙሉው ይኸው ነበር፦

«ፖስቶቹን ሺት ላይ እንሞላለን። ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይለጥፍ። የመጀመሪያው ታኅሣሥ 12 ማታ 2 ሰዓት ይውጣ።»

ልጁ የተባለውን አንድ በአንድ ሠራ። ጥፋቱ የተባለው ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ መግለጫውን ሁለት ጊዜ ደግሜ ጽፌዋለሁ። ተመሳሳይ ሥራ ለማሰጠት ያሰባችሁ ካላችሁ የእኔን ስህተቶች ልዘርዝርላችሁ።

ሰዓትን እንደምናወራው መጻፍ

የመጀመሪያው ፖስት ታኅሣሥ 12 ንጋት 11 ሰዓት ላይ ወጣ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ከቤተክርስቲያን መንገድ ላይ ደውለው «አቦ፣ በዚህ ሰዓት ማን አልጋ ይፈልጋል?» አሉኝ። ማታ ሊወጣ የታሰበው ፖስት 15 ሰዓት ቀድሞ ወጥቷል።

15 ሰዓት ግራ የሚያጋባ ቁጥር ነው። ሁለት ስህተት ተደራርቦ ነው የመጣው። የሪሴፕሽኗ ልጅ ሺቱ ላይ እንደ ልማዷ `2:00` ብላ ሞላች። ለማሽኑ ያ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት። በዚያ ላይ ፕሮግራሙ የተቀመጠበት ሰርቨር የሚቆጥረው በ`UTC` ነበር። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። ስለዚህ ሰርቨሩ «አሁን `2:00` ሆነ» ሲል እኛ ዘንድ ንጋት 11 ሆኗል።

እኛ የገባን የመጀመሪያው ስህተት ብቻ ነበር። በማግስቱ `20:00` ብለን ሞላን። ፖስቱ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ወጣ። ሁለተኛው ስህተት የታየን ያን ጊዜ ነው። አሁን መለያ አለኝ፦ ፖስቱ 3 ሰዓት ከዘገየ የሰርቨሩ ሰዓት አልተስተካከለም። ልዩነቱ 6 ወይም 18 ከሆነ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልቶ ማሽኑ በሌላው አንብቦታል። ሌላ ቁጥር ከመጣ ሁለቱም ተደርበዋል ማለት ነው።

መፍትሔው ሠራተኛው በፈረንጅ ሰዓት እንዲሞላ ማስገደድ ይመስላል። ሞክረነዋል፤ አልሠራም። በሥራ ጥድፊያ መሃል ሰው የሚጽፈው የሚያስበውን ሰዓት ነው። አሁን መግለጫው እንዲህ ይላል፦ ሠራተኛው ቀኑንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ይሞላል፤ ጠዋት፣ ቀን ወይም ማታ የሚለውን ከዝርዝር ይመርጣል። ሲስተሙ ቀይሮ አጠገቡ ያሳያል። «ሌሊት» የሚል ምርጫ የለም። የታኅሣሥ 12 ሌሊት 7 ሰዓት የ12 ማግስት ነው ወይስ ዋዜማ በሚል እንደገና ልንጨቃጨቅ አንፈልግም። ደግሞስ በዚያ ሰዓት ምን እንለጥፋለን?

የቀኑ ቅየራም የራሱ ወጥመድ አለው። ቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ይነግሣል። ልጁ የታኅሣሡን «በየዓመቱ ዲሴምበር 28» ብሎ ሊያስገባው ነበር። በ2018 ልክ ነው። ግን መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት ታኅሣሥ 19 ወደ ዲሴምበር 29 ይሸጋገራል። 2020 እንደዚያ ያለ ዓመት ነው። ስለዚህ መግለጫው ውስጥ መልሳቸው የታወቀ ሦስት መስመሮች አስገባሁ። ሲስተሙ እነዚህን በትክክል ካልቀየረ ሥራው አላለቀም፦

```
ታኅሣሥ 12/2018 ማታ 2:00  -> 2025-12-21 20:00
ታኅሣሥ 19/2018 ጠዋት 1:00 -> 2025-12-28 07:00
ታኅሣሥ 19/2020 ጠዋት 1:00 -> 2027-12-29 07:00
```

መቼ መለጠፍ እንደሌለበት አለመናገር

ይህ ከሁሉም በላይ ያስከፈለን ነው። «ለቁልቢ ክፍል አለን» የሚለው ፖስት ታኅሣሥ 13፣ 15 እና 17 እንዲወጣ ተሞልቶ ነበር። ታኅሣሥ 15 ከሰዓት በኋላ ክፍሎቹ አለቁ። ሺቱን ያስታወሰ ግን አልነበረም። በ17 ማታ ሲስተሙ በሰዓቱ፣ በደንብ፣ ከነፎቶው ለጠፈው። ስልኩ እስከ እኩለ ሌሊት አላረፈም። አንድ ቤተሰብማ ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ጭኖ በራችን ድረስ መጣ። ሌላ ቦታ እስክናገኝላቸው ሎቢ ውስጥ ሻይ ስናጠጣ አመሸን።

ሲስተሙ ክፍል መሙላቱን በራሱ ሊያውቅ አይችልም። የእኛ የክፍል መዝገብ ደብተር ነው። ስለዚህ ቀላል ነገር ጠየቅን፦ ሺቱ አናት ላይ «አቁም» የሚል አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን። የሪሴፕሽን ሠራተኛዋ ከስልኳ ትነካዋለች፣ ፖስት ይቆማል።

እዚህም ላይ ተሳስተናል። ሳጥኑ ሁሉንም ፖስት አቆመ። የበዓል መልካም ምኞቱም፣ የቁርሱ ፎቶም አብረው ቆሙ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፖስት ዓይነት እንዲኖረው አደረግን፤ «ክፍል» ወይም «ሌላ»። «አቁም» የሚነካው «ክፍል» የተባሉትን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ፦ ሳጥኑ ሲነሣ የታገዱት ፖስቶች ምን ይሁኑ? ይህን ካልጻፋችሁ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ይዘረገፋሉ። የእኛ ደንብ ከሰዓቱ ከ2 ሰዓት በላይ የዘገየ ፖስት አይወጣም፤ «አልፎበታል» ተብሎ ይመዘገባል የሚል ነው። ይኸው ደንብ ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስም አዳነን። የትናንት «ዛሬ ማታ ልዩ እራት» ዛሬ አይወጣም።

«እሺ» ማለትን በስልክ መተው

እትዬ ፖስቱን አንብበው «ይሂድ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው «ትንሽ ላስተካክል» ብሎ ይገባና 2,400 ብር የነበረው 240 ይሆናል። ያ ቁጥር ለ40 ደቂቃ ቻናሉ ላይ ቆይቷል። አንድ እንግዳ ስክሪንሾት ይዞ መጥቶ ተከራክሮናል። ግማሽ መንገድ ተገናኝተን ተለያየን።

አሁን እያንዳንዱ መስመር ሁኔታ አለው። «ረቂቅ» ሆኖ ይጀምራል። «ጸድቋል» የሚለውን የሚመርጡት እትዬ ወይም እኔ ብቻ ነን። ከጸደቀ በኋላ ጽሑፉ፣ ፎቶው ወይም ሰዓቱ ከተነካ በራሱ ወደ «ረቂቅ» ይመለሳል። ሰዓቱ ደርሶ ያልጸደቀ ነገር አይለጠፍም። መውጫው ሊደርስ 3 ሰዓት ሲቀረው ግን «ያልጸደቀ ፖስት አለ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ይደርሰናል። ዝም ካልን አልተስማማንም ማለት ነው። ልጁ መጀመሪያ በተቃራኒው ነበር የሠራው፤ ያልተከለከለ ሁሉ ይወጣ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ አልነገርነውም።

«ካልተሳካ ደግሞ ይሞክር»

ደግ ሐሳብ ይመስላል። አንድ ቀን ቻናላችን ላይ አንድ ዓይነት ፎቶ ሦስት ጊዜ ተደርድሮ አገኘነው። የሆነው እንዲህ ነው፦ ፖስቱ ቴሌግራም ደርሷል፣ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። ሲስተሙ አልተላከም ብሎ ደገመ፣ አሁንም ደገመ።

ፖስት የሚደጋገምበት ሌላው መንገድ ደግሞ ሁለቱን ቦታ በአንድ ሁኔታ መያዝ ነው። ቴሌግራም ላይ ወጣ፣ ፌስቡክ ላይ ከሸፈ፤ መስመሩ «አልተሳካም» ተባለ፤ ሲደገም ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ ወጣ። ስለዚህ ለቴሌግራም አንድ የሁኔታ ዓምድ፣ ለፌስቡክ ሌላ ዓምድ ይኑር። ከመላኩ በፊት «በመላክ ላይ» ይጻፍ። «ተለጥፏል» የሚባለው የፖስቱ መለያ ቁጥር ሲመለስ ብቻ ነው፤ ለቴሌግራም `message_id` የሚባለው ነው። «በመላክ ላይ» እንዳለ ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየውን ማሽኑ አይንካው፤ ለእኔ ይንገረኝና ቻናሉን ከፍቼ አይቼ እወስናለሁ። ለትንሽ ሆቴል በወር አንዴ ቢያጋጥም ነው። ሰው ማየቱ ይሻላል።

በማን ስም?

አጭር ናት። የቴሌግራም ቦቱ `@BotFather` ላይ የሚከፈተው በሆቴሉ ሲም ቁጥር በተከፈተ አካውንት ይሁን። የፌስቡክ ፔጁም ባለቤትነት የሆቴሉ ሆኖ ልጁ ይጨመርበት። ሥራው ሲያልቅ `@BotFather` ላይ `/revoke` ብላችሁ ለቦቱ አዲስ ቶክን አውጡና ሲስተሙ ውስጥ ተኩት። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ፈቃዱ የተሰጠበት ሰው የይለፍ ቃሉን ሲቀይር ግንኙነቱ ሊቋረጥ እንደሚችል እወቁ። ፖስቱ ቴሌግራም ላይ እየወጣ ፌስቡክ ላይ ድንገት ጸጥ ካለ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን የይለፍ ቃል ቀየረ?» ብዬ ነው።

«ይሠራል» ሲባል ከፍሎ መጨረስ

የመጀመሪያውን ክፍያ የጨረስነው አንድ ፖስት ወጥቶ ስላየን ነው። በሁለተኛው መግለጫ ግማሹን ክፍያ በፈተናዎች አሰርነው። ፈተናዎቹን የምናካሂደው እኛ ነን፤ ማንም በማይገባበት የሙከራ ቻናል ላይ። ሦስቱ የቀን መስመሮች በትክክል ይቀየሩ። «አቁም» ተነክቶ የክፍል ፖስት ይቅር፣ የቁርሱ ይውጣ። ከጸደቀ በኋላ አንድ ፊደል ቀይረን ወደ «ረቂቅ» መመለሱን እንይ። የመጨረሻው ሆን ተብሎ የሚከሽፍ ፖስት ነበር።

ለዚህኛው ድሬ ላይ የተለመደውን አደረግን፤ አንዱን ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ አከታትለን ከፎቶ ሥር አስገባን። ቴሌግራም ላይ ቦት ከፎቶ ሥር የሚያስገባው ጽሑፍ ከ1,024 ፊደል አይበልጥም። የእኛ 1,300 ገደማ ነበር። ቴሌግራም እንዲህ ብሎ መለሰው፦

```
Bad Request: message caption is too long
```

ሺቱ ላይ ግን «ተለጥፏል» ይላል። ልጁ መልሱን ሳያነብ፣ መላኩን ብቻ አይቶ ነበር ምልክቱን የሚያደርገው። መግለጫውን ከፍቼ የ`message_id`ዋን መስመር አሳየሁት። ሳቀና «ገባኝ» አለ። በሁለተኛው ቀን ያንኑ ረጅም ጽሑፍ ደግመን ላክን። ሺቱ «አልተሳካም» አለ፣ ስልኬም ጮኸ። ቀሪውን ክፍያ የዚያኑ ዕለት ላክንለት።