ባለሙያ የሚጽፈውን የመመሪያ መጽሐፍ እንዴት ይመርጣል? የዶሮ እርባታ ምሳሌ

በዶሮ እርባታ ለዓመታት የሠራ ባለሙያ መጽሐፍ ለመጻፍ ሲያስብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣለት ርእስ «ዘመናዊ የዶሮ እርባታ» የሚል ነው። ይህ ርእስ ከእንቁላል መፈልፈያ እስከ ሥጋ ገበያ ያለውን ሁሉ ስለሚያቅፍ ለየትኛውም አንባቢ የሚበቃ ዝርዝር ሳይሰጥ ያልቃል። ስለዚህ ርእስ ከመፈለግዎ በፊት ጥያቄ ይሰብስቡ። ለሁለት ወር ያህል ደንበኞች በስልክ፣ በቴሌግራምና በአካል የሚጠይቁዎትን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር፣ ስንት ዶሮ እንዳላቸውና መቼ እንደጠየቁ ጨምረው በደብተር ይመዝግቡ።

ጥያቄዎቹን በጠያቂው ዓይነት ሲለዩ ሐሳቦቹ ራሳቸው ይወጣሉ። የ45 ቀን ጫጩት ገዝተው በግቢያቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ከጫጩቱ መምጣት እስከ መጀመሪያው እንቁላል የሚመራቸው ትንሽ መጽሐፍ ይፈልጋሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች ያሏቸው ደግሞ የሚጠይቁት ስለ መኖ ቅልቅል ነው። ለእነሱ የሚዘጋጀው መጽሐፍ በሙያው ክበብ ውስጥ ስም ያተርፋል፤ ገዢው ግን ጥቂት ነው። እኔ በመጀመሪያው መጀመር ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ገዢው መጽሐፉ የሚያስፈልገው ጫጩቱን በሚረከብበት ዕለት ነው፤ ጫጩቱን የሚሸጥለት ሰውም ዶሮዎቹ እንዲተርፉለት ይፈልጋል።

በአጻጻፉ ላይ ባለሙያውን ከሌላው የሚለየው ሌላ ሰው የማያውቀውን የጥፋት ምክንያት መናገሩ ነው። ለምሳሌ የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውኃ ሲሰጥ፣ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን በክትባቱ ውስጥ ያለውን ሕያው ቫይረስ ይገድለዋል። ዶሮዎቹ «ተከትበው» እያሉ በበሽታው ሲያልቁ ባለቤቱ ክትባቱን ይወቅሳል። ክሎሪን የሌለበት ውኃ መጠቀም፣ ክትባቱን እስከሚሰጥ ድረስ በቅዝቃዜ ማቆየትና ከተበጠበጠ በኋላ በአምራቹ መመሪያ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መጨረስ እንደሚገባ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ከአሥር ገጽ አጠቃላይ ምክር ይበልጣል። የመድኃኒት መጠን ግን ከምርት ምርት ስለሚለያይ በመጽሐፉ አይወስኑ፤ አንባቢው የእቃውን ጽሑፍ እንዲከተልና የእንስሳት ሐኪም እንዲያማክር ይጻፉለት።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት አሳዳጊዎች ይስጡና አጠገባቸው ዝም ብለው ተቀምጠው እያነበቡ ሲሠሩ ይመልከቱ። «በቂ መኖ ይስጡ» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ እጃቸው ቢቆም ጉድለቱ የጽሑፉ ነው። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ስለምትበላ ለ10 ዶሮ 1.2 ኪሎ ይሆናል፤ አንባቢው ሚዛን ስለሌለው በቤቱ ያለው ጣሳ ስንት ግራም መኖ እንደሚይዝ አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት ወስዶ እንዲያስመዝን መንገር ያስፈልጋል።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄድ በፊት ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይሠራ። የሚከተሉት ቁጥሮች የምሳሌ ናቸው፤ እርስዎ የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ተቀብለው ይተኳቸው። ለ64 ገጽ መጽሐፍ የሥዕል፣ የገጽ ቅንብርና የኅትመት ዝግጅት 60,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ ወረቀትና ጥረዛ 70 ብር ይሁን። 500 ቅጂ ብቻ ከታተመ አንዱ 190 ብር ይፈጃል። መጽሐፉ 300 ብር ቢሸጥና መጽሐፍ መደብሩ 35 በመቶ ቢወስድ ለእርስዎ 195 ብር ይደርሳል፤ ትርፉ 5 ብር ብቻ ነው ማለት ነው። 1,000 ከታተመ የአንዱ ወጪ ወደ 130 ብር ይወርዳል፤ ሳይሸጥ ቤት የሚከማቸው ቁጥር ግን ሊበዛ ይችላል።

ይህን የሚፈታው ከማሳተም በፊት ከገዢዎች ትእዛዝ መቀበል ነው። ረቂቁን ይዘው የ45 ቀን ጫጩት አሳድገው ለሚሸጡ ሰዎችና ማኅበራት ይሂዱና፣ ከእያንዳንዱ የጫጩት ሽያጭ ጋር እንዲሰጡት በ220 ብር በጅምላ እንዲገዙ ይጠይቋቸው። ለ500 ቅጂ ቅድሚያ ቢከፍሉ 110,000 ብር ይገኛል፤ የ1,000 ቅጂ ጠቅላላ ወጪ 130,000 ብር ስለሆነ ቀሪው 20,000 በመደብር ከሚሸጡ 103 ቅጂዎች ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ሁሉ ትርፍ ነው። ማንም ቅድሚያ የማይከፍል ከሆነ አይታተም፤ ምናልባት ርእሱ ወይም አንባቢው በትክክል አልተመረጠም።

ሥራውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያስመዝግቡ። ፒዲኤፉን ግን በቴሌግራም አይሽጡ፤ አንዱ ገዢ ለመቶ ሰው ሲያስተላልፈው መቆጣጠር አይቻልም። በመጨረሻው ገጽ ላይ የታተመበትን ወርና ዓመት፣ ስልክዎን፣ እንዲሁም በቦታው ተገኝተው ሥልጠና ስለሚሰጡበት ሁኔታ ያስቀምጡ። የሚደውሉ ሰዎች የሚጠይቁትን በዚያው ደብተር ይጻፉ፤ ሁለተኛው እትም የሚታረመው በእሱ ነው።