ፊፎና ዌይትድ አቬሬጅ፦ ካለፈው ወር የዞረ ያልተጠናቀቀ ምርት ሲኖር ሒሳቡ ለምን አይታረቅም?

በፕሮሰስ ኮስቲንግ ሪፖርት ላይ አስቸጋሪው ቦታ ካለፈው ወር የዞረው ያልተጠናቀቀ ምርት ነው። የዞረ ነገር ከሌለ ፊፎም ሆነ ዌይትድ አቬሬጅ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ካለ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ችግሩ የሚመጣው የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ስናደባልቅ ነው። ደግነቱ ስህተቱ ምልክት ይተዋል። ብዙ ጊዜ የልዩነቱን መጠን አይቶ ጥፋቱ የት እንደተሠራ ማወቅ ይቻላል።

ለማሳያ የልብስ ሳሙና የሚያመርት ፋብሪካ እንውሰድ። የምናየው የማፍያ ክፍሉን የኅዳር ወር ሒሳብ ነው። ዘይቱና ኮስቲክ ሶዳው ሥራው ሲጀመር በአንድ ጊዜ ይገባሉ። የጉልበትና የፋብሪካ ወጪ፣ ማለትም ኮንቨርዥን ኮስት፣ ሥራው እየገፋ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይጨመራል።

ከጥቅምት የዞረው 2,000 ኪሎ ነው። ጥሬ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ ኮንቨርዥኑ 40% ላይ ደርሷል። ይዞት የመጣው ወጪ 100,000 ብር የጥሬ ዕቃና 14,400 ብር የኮንቨርዥን ነው። በኅዳር 10,000 ኪሎ ተጀመረ፣ 9,000 ኪሎ አልቆ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሄደ፣ 3,000 ኪሎ ደግሞ ኮንቨርዥኑ 20% ላይ ሆኖ ወሩ አለቀ። የኅዳር ወጪ ለጥሬ ዕቃ 620,000 ብር፣ ለኮንቨርዥን 211,200 ብር ነው። ከዞረው ጋር ሲደመር ክፍሉ የሚጠየቅበት ጠቅላላ ወጪ 945,600 ብር ይሆናል። ይህን ቁጥር አጠገባችሁ ያዙት፤ ሁሉም ነገር ከእሱ ጋር ይመሳከራል።

መጀመሪያ ትክክለኛው መልስ

ዌይትድ አቬሬጅ ያለፈውን ወርና የዚህን ወር አይለይም። ሁለቱን ወጪ ይደምራል፣ ያለቀውን ምርት በሙሉ ይቆጥራል። ኢኩቫለንት ዩኒት የምንለው ያልተጠናቀቀው ምርት በደረሰበት መቶኛ ተባዝቶ ወደ ሙሉ ምርት ሲቀየር የሚመጣው ብዛት ነው። የጥሬ ዕቃው ኢኩቫለንት ዩኒት 9,000 ሲደመር 3,000፣ ማለትም 12,000 ነው። የኮንቨርዥኑ 9,000 ሲደመር የ3,000ው 20%፣ 600፣ ማለትም 9,600 ነው። 720,000 ለ12,000 ሲካፈል 60 ብር፣ 225,600 ለ9,600 ሲካፈል 23.50 ብር ይመጣል። አንድ ኪሎ 83.50 ብር ሆነ ማለት ነው። ወደ ቀጣዩ ክፍል የሄደው 751,500 ብር፣ በእጅ የቀረው 194,100 ብር። ድምሩ 945,600።

ፊፎ የሚጠይቀው በኅዳር ብቻ ምን ያህል ሥራ እንደተሠራ ነው። ስለዚህ ጥቅምት ላይ የተሠራውን ይቀንሳል። ለጥሬ ዕቃ 12,000 ሲቀነስ 2,000፣ 10,000 ነው። ለኮንቨርዥን 9,600 ሲቀነስ የ2,000ው 40%፣ 800፣ 8,800 ነው። የሚካፈለውም የኅዳር ወጪ ብቻ ነው፤ ለጥሬ ዕቃ 62 ብር፣ ለኮንቨርዥን 24 ብር፣ በአንድ ላይ 86 ብር።

ያለቀው 9,000 ኪሎ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል። የዞረው 2,000 ኪሎ ይዞት በመጣው 114,400 ብር ላይ የቀረው 60% ሥራ ይጨመርለታል። እሱም 1,200 በ24፣ ማለትም 28,800 ብር ነው። ድምሩ 143,200 ብር። በኅዳር ተጀምሮ በኅዳር ያለቀው 7,000 ኪሎ በ86 ሲባዛ 602,000 ብር ይሆናል። የሄደው በጠቅላላ 745,200 ብር፣ የቀረው 200,400 ብር ነው። ድምሩ አሁንም 945,600።

ምልክት፦ ልክ የዞረውን ወጪ የሚያህል ገንዘብ ጠፋ

ሪፖርቱን ስትደምሩ 945,600 መሆን ሲገባው 831,200 መጣ እንበል። የጎደለው 114,400 ነው። ይህ ቁጥር ከዞረው ምርት ወጪ ጋር እኩል ነው፤ እንዲያው የገጠመ አይደለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኅዳርን ወጪ ብቻ ወስዳችሁ በዌይትድ አቬሬጅ ዩኒት አካፍላችኋል፤ 620,000 ለ12,000፣ 211,200 ለ9,600። ላዩ የፊፎ፣ ታቹ የዌይትድ አቬሬጅ ነው። የአንድ ኪሎው ዋጋ ከሚገባው በታች ወረደ፣ የዞረው ወጪም ለማንም ሳይደርስ ቀረ። መፍትሄው አንዱን መንገድ መርጦ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። ታች 12,000 ካለ ላይ የዞረው ወጪ መግባት አለበት። ላይ የኅዳር ወጪ ብቻ ካለ ታች የዞረው ሥራ መቀነስ አለበት።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። 720,000ን ለ10,000 ብታካፍሉ ጥሬ ዕቃው 72 ብር ይመጣል። የኅዳር ዋጋ ግን 62፣ የጥቅምት ዋጋ 50 ብር ነው። የሁለት ዋጋዎች አማካይ ከሁለቱም ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ድምሩን እስክትሠሩ እንኳ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የመጣው ዋጋ ካለፈውና ካሁኑ ዋጋ ውጭ ከሆነ እዚያው ቁሙ።

ምልክት፦ ድምሩ ከሚገባው በ172,000 በለጠ

ይህ በፊፎ ላይ ብቻ የሚታይ ነው። 172,000ን ለ86 ስታካፍሉት 2,000 ይመጣል፤ የዞረው ኪሎ መጠን ነው። የሆነው ይህ ነው፦ የዞረውን ምርት 143,200 ብር ብላችሁ ለብቻው አወጣችሁ፣ ከዚያ ደግሞ 9,000 ኪሎውን በሙሉ በ86 አባዛችሁ። የዞረው ሁለቴ ተቆጠረ። በ86 የሚባዛው በወሩ ተጀምሮ በወሩ ያለቀው ብቻ ነው፤ 9,000 ሲቀነስ 2,000፣ 7,000 ኪሎ።

ምልክት የሌለው ስህተት፦ ድምሩ ታርቋል፣ መልሱ ግን ልክ አይደለም

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ከላይ ያሉት ስህተቶች ራሳቸውን ያጋልጣሉ። ይሄ ግን ሪፖርቱ አምሮ፣ ድምሩ ገጥሞ፣ ፊርማ ተፈርሞበት ያልፋል።

በፊፎ ለዞረው ምርት የሚቆጠረው የቀረው ሥራ ነው። 40% ካለቀ የሚቆጠረው 60% ነው። ብዙ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ 40% የሚል ስላየ 2,000ን በ40% ያባዛል። 1,200 መሆን የነበረበት 800 ሆነ። ጠቅላላው ኢኩቫለንት ዩኒት ከ8,800 ወደ 8,400 ወረደ፤ ኮንቨርዥኑም ከ24 ብር ወደ 25.14 ወጣ። ከዚያ ይኸው የተሳሳተ ዩኒት በተሳሳተው ዋጋ ሲባዛ ተመልሶ 211,200 ይሰጣል። ስለዚህ ድምሩ ይታረቃል። የተዛባው ክፍፍሉ ነው፦ የዞረው ምርት ከሚገባው ያነሰ፣ አዲሱና በእጅ የቀረው ከሚገባው የበለጠ ወጪ ተሸከሙ።

በድምር ካልተያዘ በምን ይያዛል? በዩኒት። የፊፎ ዩኒት ላይ ባለፈው ወር የተሠራውን ስትጨምሩ የዌይትድ አቬሬጅ ዩኒት መምጣት አለበት። 8,800 ሲደመር 800፣ 9,600፤ ልክ ነው። 8,400 ሲደመር 800 ግን 9,200 ነው፤ ስህተት አለ። ይህን መስመር በኤክሴል ሪፖርታችሁ ላይ ቋሚ አድርጉት። የዞረው ምርት 50% ላይ በነበረበት ወር ግን ያለቀውና የቀረው እኩል ስለሆኑ ስህተቱ ጭራሽ አይታይም። በአንድ ወር መልሱ ልክ መጣ ማለት ፎርሙላው ልክ ነው ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 40% የሚለው ግምት ራሱ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ ኃላፊ ዓይን ነው። ጥቅምት ላይ በእውነት የተሠራው 60% ቢሆንና 40% ተብሎ ቢጻፍ፣ የፊፎ የኅዳር ዋጋ ይዛባል። ዌይትድ አቬሬጅ ግን መዝገቡ ላይ ያለውን የዞረ ወጪ እንዳለ ተቀብሎ ይደምራል እንጂ የመነሻውን መቶኛ ጭራሽ አይጠይቅም። የደረሰበትን ደረጃ በደንብ የማይለካ ፋብሪካ ፊፎን ሲመርጥ ይህን ማወቅ አለበት።

ምልክት፦ ሁለቱም ታርቀዋል፣ ግን በ6,300 ብር ይለያያሉ

በእጅ የቀረው በፊፎ 200,400፣ በዌይትድ አቬሬጅ 194,100 ነው። ልዩነቱ 6,300 ብር ነው። ይህ ስህተት አይደለም፤ ለማረም አትሞክሩ። ግን ከየት እንደመጣ ማሳየት መቻል አለባችሁ።

ጥሬ ዕቃ በጥቅምት 50 ብር ነበር፣ በኅዳር 62 ሆነ። ዌይትድ አቬሬጅ ርካሹን የጥቅምት ዋጋ በሁሉም ምርት ላይ አከፋፈለው፤ በእጅ ለቀረውም ጭምር። ፊፎ ግን የጥቅምትን ዋጋ ከዞረው 2,000 ኪሎ ጋር ወደ ቀጣዩ ክፍል ላከው፣ የቀረውንም በኅዳር ዋጋ ብቻ ተመነው። የጥሬ ዕቃው ልዩነት 3,000 ኪሎ በ2 ብር፣ 6,000 ብር ነው። የኮንቨርዥኑ 600 በ0.50፣ 300 ብር ነው። ድምሩ 6,300። እንዲህ ተበትኖ ካልገጠመ ያኔ ስህተት ፈልጉ። ዋጋ የወረደ ወር ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ዋጋ ካልተንቀሳቀሰ ልዩነቱ ዜሮ ነው።

አለቃ «በዚህ ወር አንድ ኪሎ ስንት አስወጣን?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ 86 ነው እንጂ 83.50 አይደለም። 83.50 ውስጥ የጥቅምት ዋጋ ተደባልቋል። ዋጋ በየወሩ እየጨመረ ባለበት ሁኔታ የክፍሉን ወጪ ለመቆጣጠር በእኔ እምነት ፊፎ ይሻላል። ለውጭ ሪፖርት ደግሞ አይኤኤስ 2 ሁለቱንም ይፈቅዳል። ግን ልዩነቱን አይቶ በየወሩ የሚመቸውን መምረጥ አይቻልም፤ መንገድ መቀየር የሒሳብ ፖሊሲ ለውጥ ስለሆነ በአይኤኤስ 8 ይታያል።

ቀጣዩ ክፍል ላይ የሚነሳው ጥያቄ

የማፍያ ክፍሉ በፊፎ ሁለት ዋጋ ይልካል። የዞረው በኪሎ 71.60፣ አዲሱ 86። የመቁረጫ ክፍሉ ሁለቱን ለይቶ መያዝ አለበት? በተለመደው አሠራር አይለይም። 745,200ን ለ9,000 አካፍሎ በኪሎ 82.80 አድርጎ ይቀበለዋል፤ አለዚያ በየክፍሉ የዋጋ ደረጃው እየተባዛ ይሄዳል። ይህ ወጪ በመቁረጫ ክፍሉ ሪፖርት ላይ ለብቻው አንድ ዓምድ ይኑረው፣ መቶኛውም ሁልጊዜ 100% ነው። ከክፍሉ የራሱ ጥሬ ዕቃ ጋር ከተደባለቀ፣ የመቁረጫ ክፍሉ ጥሬ ዕቃ የሚጨምረው በመጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ወሩ ሲያልቅ በእጅ የቀረው ሳሙና ከማፍያ ክፍሉ ይዞት የመጣው ወጪ እንደሌለ ይቆጠራል።