ጄነሬቲቭ ፊል የጨመረው ሰው ፊቱ ሲቀልጥ፦ ችግርና መፍትሄ

በጄነሬቲቭ ፊል፣ ማለትም የጻፋችሁለትን ፎቶው ውስጥ በሚሥል ኤአይ፣ ባዶ ቦታ መርጣችሁ «ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው» ብላችሁ ሞላችሁት እንበል። ወንበሩ ጥላው ሳይቀር ልክ ነው። የሰውየው ፊት ግን ቀልጧል፤ ጣቶቹ ስድስት ናቸው፤ ቲሸርቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደል ይመስላል እንጂ አይነበብም። ሦስቱም አንድ ችግር ይመስላሉ። ግን አይደሉም።

ፊቱ ቀልጧል። መጀመሪያ ፊቱ ስንት ፒክስል እንደሆነ ለኩ። ስቴብል ዲፊውዥንና መሰሎቹ የምስል ሞዴሎች የሚሠሩት በፎቶው ላይ ሳይሆን በተጨመቀ ቅጂው ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ የስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች 8 በ8 ፒክስል የሆነ ቁራጭ አንድ ነጥብ ይሆናል፤ የቁራጩ 192 የቀለም ቁጥሮች ወደ 4 ይወርዳሉ ማለት ነው። 40 ፒክስል ስፋት ያለው ፊት ታዲያ በስፋቱ 5 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ በአምስት ነጥብ ስፋት? የማይሆን ነገር ነው። ወንበሩ የተረፈው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ እግሩ ትንሽ ቢዛባም ማንም አያይበትም።

መፍትሄው ጭንቅላቱን ብቻ አስፍቶ እንደገና ማሠራት ነው። AUTOMATIC1111 በሚባለው የስቴብል ዲፊውዥን ፕሮግራም 64 ፒክስል ካሬ ማስክ አድርጉበት። `Inpaint area` የሚለውን `Only masked` ላይ፣ `Only masked padding` የሚለውን 32 ላይ አድርጉ። ፕሮግራሙ በየጎኑ 32 ጨምሮ 128 ፒክስል ቆርጦ ወደ 512 ያሰፋዋል። ፊቱ በስፋቱ 160 ፒክስል፣ ማለትም 20 ነጥብ ሆነ። ምስሉ ምን ያህል እንደሚቀየር የሚወስነው `Denoising strength` 0.4 አካባቢ ይበቃል። ፕሮምፕቱንም ቀይሩ፤ «ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው» እንዳለ ከቀረና ቁጥሩ ከፍ ካለ፣ ፊቱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ሰውዬ ተቀምጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። (ደርሶብኛል። ያስቃል፤ ሥራው ካልቸኮለ።)

ጣቶቹ በዝተዋል። እዚህም መጀመሪያ አስፉ። ሰፍቶም ስድስት ከሆነ ችግሩ የመጠን ብቻ አይደለም። ሞዴሉ አይቆጥርም። ከጣት ጎን ጣት እንደሚመጣ ያውቃል፤ የት እንደሚቆም ግን እርግጠኛ አይደለም። በተማረባቸው ፎቶዎች እጅ አንዴ ተጨብጦ፣ አንዴ ኪስ ገብቶ፣ አንዴ ሦስት ጣት ብቻ ታይቶ ነው የሚገኘው። ፕሮምፕት ላይ «አምስት ጣት» ብሎ መጻፍ ብዙም አይረዳም። ትርፉን ጣት በብሩሽ ራሳችሁ ከኋላው ባለው ቀለም ሸፍኑት፤ ሻካራ ቢሆንም ግድ የለም። ከዚያ 0.4 ላይ አሠሩት። በዝቅተኛ ቁጥር የሰጣችሁትን ቅርጽ ይዞ ጠርዙን ያለሰልሳል። 0.8 ላይ ከሄዳችሁ ስድስተኛው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ጽሑፉ አይነበብም። ብዙ አትድከሙ። ፕሮምፕቱን የሚያነበው ክፍል ቃሉን ፊደል በፊደል ሳይሆን በቁራጭ ስለሚወስደው፣ ሞዴሉ ቃሉ በምን ፊደላት እንደተሠራ በቀጥታ አያይም። አዳዲሶቹ ሞዴሎች በላቲን ፊደል ተሻሽለዋል፤ ግዕዝ ላይ ግን አልተማመንባቸውም። ቲሸርቱን ባዶ አድርጋችሁ አስሞሉት፤ ጽሑፉን በሌላ ሌየር ራሳችሁ ጻፉ፤ ከጨርቁ እጥፋት ጋር አጣሙት፤ በመጨረሻ የፎቶውን ያህል ትንሽ አደብዝዙት። ከጨርቁ በላይ ጥርት ካለ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል።