የቤዝ ሙሌት ከ100 በመቶ ሲያልፍ፦ ስህተቱን የት እንፈልገው?

የአንድ ጥቁር ሸክላ አፈር ውጤት እንዲህ ብሎ መጣ እንበል። ካልሲየም 58.4፣ ማግኒዚየም 9.1፣ ፖታሲየም 1.2፣ ሶዲየም 0.8። ሲደመሩ 69.5 ይሆናሉ። የዚያው አፈር የካታዮን ልውውጥ አቅም፣ በአጭሩ ሲኢሲ፣ 46.0 ነው። ሁሉም የተለኩት በሴንቲሞል ቻርጅ በኪሎ ግራም አፈር ነው። ስናካፍል የቤዝ ሙሌቱ 151 በመቶ ይወጣል።

ይሄ ሊሆን አይችልም። ሸክላና ብስባሽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ቦታዎች አሏቸው። እነዚህን ቦታዎች እንደ ወንበር ቁጠሯቸው። ሲኢሲ የወንበሮቹ ብዛት ነው። የቤዝ ሙሌት ደግሞ ከወንበሮቹ ስንት በመቶው በካልሲየም፣ በማግኒዚየም፣ በፖታሲየምና በሶዲየም እንደተያዘ ይነግረናል። የቀረውን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይይዙታል። 46 ወንበር ላይ 69 ሰው አይቀመጥም። አንዱ ቆጠራ ተሳስቷል ማለት ነው።

```
BS (%) = (Ca + Mg + K + Na) / CEC × 100
```

ፍለጋው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወይ ላዕሉ አብጧል፣ ወይ ታህቱ አንሷል። አንዳንዴም ሁለቱም በአንድ ላይ ይሆናሉ።

ችግር 1፦ ሙሌቱ ከ100 በላይ፣ ፒኤቹም ከ7.5 በላይ

ዋናው ተጠርጣሪ በአፈሩ ውስጥ ያለ ነጻ ኖራ ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት ማለት ነው። በተለመደው ዘዴ ካታዮኖቹን ከወንበራቸው የምናስነሳው ፒኤቹ 7 በሆነ 1 ሞላር አሞኒየም አሲቴት ነው። አሞኒየሙ ወንበሩን ይይዛል፣ ካልሲየሙና ሌሎቹ ወደ ፈሳሹ ይወርዳሉ። ችግሩ ይሄው ፈሳሽ ኖራም ያሟሟል። ከኖራው የወጣው ካልሲየም ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። መሣሪያው ግን ይህን ለይቶ አያውቅም፣ አብሮ ይቆጥረዋል።

ትንሽ ኖራ ምን ያህል እንደሚያሳስት እናስላው። 1 በመቶ ኖራ ማለት በኪሎ 10 ግራም ነው። የአንድ ሞል ክብደት 100 ግራም ስለሆነ 0.1 ሞል ይሆናል። ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው 20 ሴንቲሞል ቻርጅ ይወጣዋል። ከላይ ባለው አፈር የተረፈው 23.5 ነው። 1.2 በመቶ ያህል ኖራ ከሟሟ ለዚህ ሁሉ ትርፍ ይበቃል። በዓይን የማይታይ መጠን ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ኖራው እየሟሟ ካልሲየም ሲለቅ፣ ያ ካልሲየም ከአሞኒየሙ ጋር ለወንበር ይሻማል። አሞኒየሙ ሁሉንም ቦታ ሳይሞላ ይቀራል። እኛ ሲኢሲን የምናውቀው ደግሞ ያን አሞኒየም ቆጥረን ነው። ስለዚህ ላዕሉ ሲያብጥ ታህቱም ይቀንሳል።

መፍትሄው ከጠብታ ይጀምራል። ጥቂት ደረቅ አፈር በሳህን ላይ አድርጉና 10 በመቶ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት። ጆሮአችሁን ጠጋ አድርጉ። ኖራው ትንሽ ከሆነ አረፋው ሳይታይ ሲንሿሿ ይሰማል። ከተሰማ፣ ሲኢሲውን ፒኤቹ 8.2 በሆነ ሶዲየም አሲቴት ድገሙት። በዚያ ፒኤች ኖራው የሚሟሟው በጣም ጥቂት ነው። የካልሲየሙን ቁጥር ግን እርሱት። ነጻ ኖራ ያለበት አፈር ወንበሮቹ በቤዝ ሞልተዋል ተብሎ ይወሰዳል፤ ሙሌቱ 100 ነው። ካልሲየሙን በቀሪ ታገኙታላችሁ።

የእኛ አፈር በሶዲየም አሲቴት ሲደገም ሲኢሲው 48.5 ወጣ እንበል። ማግኒዚየም፣ ፖታሲየምና ሶዲየም አንድ ላይ 11.1 ናቸው። የወንበሩ ካልሲየም 37.4 ይሆናል እንጂ 58.4 አይደለም። አሁን ማግኒዚየም ከጠቅላላው 19 በመቶ፣ ፖታሲየም 2.5 በመቶ መያዛቸውን መናገር እንችላለን። በመጀመሪያው ድምር ብናሰላው ኖሮ ፖታሲየሙ 1.7 ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ኖራው ዶሎማይት ከሆነ ማግኒዚየሙም ያብጣል፤ ይሄ በቀሪ ማስላት ያኔ አይሠራም።

ፒኤቹ ዝቅተኛ ሆኖ ሙሌቱ ከፍ ሲል

ይሄ ግራ ያጋባል። ፒኤች 5.4፣ የቤዝ ሙሌት 96 በመቶ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ማሳው መቼ ኖራ እንደተደረገበት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሆነ፣ ያልሟሟ የኖራ ቅንጣት ከአፈሩ ጋር ተፈጭቶ ናሙናው ውስጥ ገብቷል። አሲዱ ሲጠብ አረፋው በሁሉም ቦታ ሳይሆን እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ እያለ ይታያል። ናሙናውን ኖራው አፈሩን ከተዋሃደ በኋላ፣ ከዝናብ ወቅት ማግስት መልሶ መውሰድ ይሻላል። ኖራ ከሌለ ደግሞ ጨው ፈልጉ። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ከፍ ካለ፣ በውሃ የሚሟሟውን ጨው ለብቻ ለክታችሁ ከድምሩ ቀንሱ።

ችግር 2፦ ኖራም ጨውም የለም፣ ሲኢሲው ግን አልረጋም

ያው ናሙና ሁለት ጊዜ ሲለካ አንዴ 22 አንዴ 28 ከመጣ፣ እኔ ቀጥታ የማየው እጥበቱን ነው። አሞኒየሙ ወንበሩን ከያዘ በኋላ በአፈሩ ቅንጣቶች መሃል የተረፈውን ፈሳሽ በአልኮል እናጥባለን። ከዚያ ወንበር ላይ የቀረውን አሞኒየም በፖታሲየም ክሎራይድ አስነስተን፣ በዲስቲሌሽን ወደ ቦሪክ አሲድ እናሻግራለን፤ በመጨረሻ በታይትሬሽን እንቆጥረዋለን።

```
CEC = (V − B) × M × 100 / W
```

V ለናሙናው የፈሰሰው አሲድ በሚሊ ሊትር፣ B ያለ አፈር የተሠራው ባዶ ናሙና የወሰደው፣ M የአሲዱ ሞላሪቲ፣ W የአፈሩ ክብደት በግራም ነው። ይሄ የወጣው ፈሳሽ በሙሉ ዲስቲሌሽን ሲገባ ነው። ከፊሉን ብቻ ከወሰዳችሁ በዚያው ልክ ማባዛት አትርሱ።

እጥበቱ ሲያንስ ምን ይሆናል? 5 ግራም አፈር ውስጥ 0.2 ሚሊ ሊትር አሲቴት ብቻ ቀረ እንበል፤ አራት ጠብታ ያህል። እሱ 0.2 ሚሊሞል አሞኒየም ይዟል። ለ5 ግራም ስናካፍልና በ100 ስናባዛ 4 ሴንቲሞል በኪሎ ይሆናል። አራት ጠብታ ሲኢሲውን ከ22 ወደ 26 አደረሰው ማለት ነው። የቤዝ ሙሌቱም በዚያው ልክ ያለ ጥፋቱ ወረደ።

እጥበቱ ሲበዛስ? ወንበር ላይ ያለው አሞኒየምም መልቀቅ ይጀምራል፣ ከአልኮሉ ጋር ጥቂት ብስባሽና ደቃቅ ሸክላም ይሄዳል። ሲኢሲው ይወርዳል፣ ሙሌቱ ይወጣል። የሚወርደው አልኮል ከደፈረሰ አፈራችሁ እየሄደ ነው።

መካከሉን የሚያሳየው የኔስለር ሪኤጀንት ነው። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ የሚወርደውን አልኮል ጥቂት ጠብታ ወስዳችሁ ሪኤጀንቱን ጨምሩበት። ቢጫ ወይም ቡናማ ከሆነ አሞኒየም አለ፤ ድገሙ። ቀለም ካጣ አቁሙ። “ሁልጊዜ አምስት ጊዜ እናጥባለን” ብሎ ለአሸዋማውም ለሸክላውም እኩል መሥራት ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። አሸዋማው በሁለትና በሦስት ይጠራል፣ ሸክላው አይጠራም። ሪኤጀንቱ ሜርኩሪ አለበትና ጓንት አድርጉ፤ ትራፊውንም ወደ እቃ ማጠቢያው አትድፉት፣ ለብቻ ይጠራቀም።

ችግር 3፦ ሁለት ላቦራቶሪ፣ አንድ አፈር፣ ሁለት ፍርድ

አንድ ባልደረባዬ በአንድ ወቅት ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ፒኤቹ 4.8። አንዱ ላቦራቶሪ የቤዝ ሙሌቱን 26 በመቶ ሲል ሌላው 71 ብሎታል። “የቱ ነው ያበላሸው?” አለኝ። ስናየው ማንም አላበላሸም።

የቤዞቹ ድምር በሁለቱም ወረቀት 4.6 ነበር። ልዩነቱ ታህቱ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፒኤች 7 በሆነ አሲቴት ለክቶ ሲኢሲውን 18 አግኝቷል። ሁለተኛው የአሲዱን መጠን በ1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ አውጥቶ 1.9 አገኘ፣ ከቤዞቹ ጋር ደምሮ 6.5 ጻፈ። ይሄኛው ውጤታማ ሲኢሲ ይባላል።

በእንዲህ ያለ አፈር የወንበሩ ብዛት ራሱ ቋሚ አይደለም። የብስባሹና የብረት ኦክሳይዱ ቻርጅ ከፒኤች ጋር ይወጣል ይወርዳል። ፒኤች 7 የሆነ ፈሳሽ ስናፈስበት፣ በ4.8 ተዘግተው የነበሩ ወንበሮችን እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ እንከፍታቸዋለን። ማሳው ላይ ግን ዝግ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው “አፈሩ ዛሬ፣ እንዳለ፣ ምን ያህል ንጥረ ነገር ይይዛል?” ከሆነ 6.5ቱን ያዙ። በ18 ተማምኖ ፖታሲየምን በአንድ ጊዜ አብዝቶ የሚጥል ሰው ዝናቡ ሲመጣ አጥቦ ይወስድበታል። ፍርዱም ይለያያል፦ 0.3 የሆነው ፖታሲየም ከ6.5 አንጻር 4.6 በመቶ ነው፣ ከ18 አንጻር 1.7 ብቻ። 18 የሚጠቅመው ደግሞ ፒኤቹ ወደ 7 ቢጠጋ ምን ያህል ወንበር ሊከፈት እንደሚችል ለመገመት ነው። ከ1.9ኙ አሲድ 1.6ቱ አሉሚኒየም ነበር፤ ከውጤታማው ሲኢሲ 25 በመቶ ያህል ማለት ነው። ለአሉሚኒየም ስስ የሆነ ሰብል የሚዘራ ሰው ከሙሌቱ በፊት ይህንን ይይ።

የአሜሪካ የአፈር ምደባ አልፊሶልንና አልቲሶልን የሚለየው በ35 በመቶ የቤዝ ሙሌት ነው፤ ያ 35 ግን በፒኤች 8.2 የተሰላ ነው። ለሞሊሶል የሚጠይቀው 50 በመቶ ደግሞ በፒኤች 7 አሲቴት ነው። በአንዱ ዘዴ የተለካን ቁጥር ከሌላው ድንበር ጋር ማወዳደር አይቻልም። ወረቀቱ ላይ ዘዴው ካልተጻፈ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሁሉም ሙሌት በግማሽ ያህል ካነሰ

አንድ አፈር ሳይሆን የቀኑ ናሙና በሙሉ እንዲህ ከመጣ ላቦራቶሪውን ተዉት፣ ስሌቱን ክፈቱ። ሚሊ ግራም በኪሎን ወደ ሴንቲሞል ቻርጅ ለመቀየር ካልሲየም ለ200፣ ማግኒዚየም ለ121.5፣ ፖታሲየም ለ391፣ ሶዲየም ለ230 ይካፈላሉ። አንድ ሰው የካልሲየምንና የማግኒዚየምን ሁለት ቻርጅ ረስቶ ለ401 እና ለ243 አካፍሎ ይሆናል።