ስቱኮ ብትሞሉትም የሚመለሰው የጂብሰም ኮርኒስ ስንጥቅ

አዳማ ውስጥ ለጂብሰም ኮርኒስ ጥገና ስንጠራ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያው ነው። ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ስቱኮ ይሞላል፣ ቀለም ይቀባል። ሙቀቱ ሲበረታ ያው መስመር እዚያው ቦታ ላይ ይከፈታል።

መጀመሪያ የስንጥቁን መልክ እዩ። ቦርዱ 1.20 በ2.40 ሜትር ነው። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ ከሄደና ከሚቀጥለው ስንጥቅ 1.20 ሜትር ያህል ከራቀ፣ የተከፈተው መገጣጠሚያው ነው።

የተለሰነ ሶሌታ እንዲህ አይሰነጠቅም። በየአቅጣጫው የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ ልስኑ ውሃ ሳይጠጣ ቶሎ ደርቋል። ይሄ ብዙም አያሰጋም። ሪብ ስላብ ከሆነ ደግሞ ስንጥቁ ብሎኬቱና ኮንክሪቱ የሚገናኙበትን መስመር ይከተላል። እዚህ ጋ በመዶሻ እጀታ አንኳኩ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከሶሌታው ለቋል፣ መውረድ አለበት። እስኪወርድ ድረስ ከሥሩ ማንም አይተኛ! 2 ሳንቲሜትር ልስን በካሬ 40 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ጂብሰም ቦርድን ማንኳኳት ግን አይጠቅምም። ከላዩ ክፍት ስለሆነ ደህናውም ባዶ ይጮሃል። እሱን በመዳፍ ግፉት። ከስንጥቁ ግራና ቀኝ አንዱ ወገን ከተነቃነቀ ችግሩ ያለው ፍሬሙ ወይም ቪቴው ላይ ነው። ሁለቱም ካልተነቃነቁ መገጣጠሚያውን የሚይዘው ቴፕ ላይ ነው።

አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ 4 በ5 የሆነ ሳሎን አግኝተን ነበር። ስንጥቁ ተደጋግሞ ስቱኮ ተሞልቷል። እናትየው ተስፋ ቆርጠው፣ «ልጄ፣ ቦርዱ ራሱ ብልሹ ነው፣ ሌላ እንግዛ?» አሉኝ። «እማማ፣ ቦርዱ ምንም አልሆነም፣ ከላዩ ያለውን እንየው» አልኳቸው።

አንዱን ቦርድ አወረድነው። ፍሬሙ እርጥብ እያለ የተመታ የባህር ዛፍ ሞራሌ ነው። ሲደርቅ ተጣሞ ከቦርዱ ሸሽቷል። ሞራሌዎቹ የተመቱት በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ነው፤ አንዳንዱ የቦርድ ጫፍም ከኋላው ምንም አልነበረውም። ቪቴው በ40 ሳንቲሜትር ነው፣ ከፊሉ ጭራሽ ሚስማር! ሚስማር ከጊዜ በኋላ ይለቃል፣ ለኮርኒስ አትጠቀሙ። ከዚህም የባሰው ማንጠልጠያው የታሰረው ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት ላይ መሆኑ ነው። ቆርቆሮው ቀን ሲሞቅ፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ፣ የአዳማ ነፋስ ሲያነሳው ኮርኒሱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይሄን ሁሉ ስቱኮ ሊይዘው አይችልም። የተለሰነው ሶሌታ ፍሬም ስለሌለው ይህ ጣጣ የለበትም።

ስለዚህ ማንጠልጠያውን ወደ ጣሪያው ትራስ የታችኛው እንጨት አዛወርነው። በደረቅ ሞራሌ ክፍተቱን ወደ 40 ሳንቲሜትር አጠበብን፤ በየመገጣጠሚያው ጀርባም እንጨት ገባ። ፉሪንግ የሚባለው ብረት ቢሆን ይሻላል፣ አይጣመምም። ቦርዱን ፍሬሙን አቋርጦ እንዲያርፍ አድርገን፣ የአጭሩ ጎን መገጣጠሚያዎች በአንድ መስመር እንዳይገጥሙ አዛነፍናቸው። ቪቴውን በየ20 ሳንቲሜትሩ አሰርን፤ ለእንጨት 35 ሚሊ፣ ለብረት 25 ሚሊ ይበቃል። ጭንቅላቱ ከወረቀቱ ትንሽ ዝቅ ይበል እንጂ ወረቀቱን አይቅደደው። ወረቀቱ ከተቀደደ ያ ቪቴ ምንም አልያዘም፣ አጠገቡ ሌላ እሰሩ።

አሁን ወደ መገጣጠሚያው። አሮጌውን ስቱኮ ሙሉ በሙሉ ፋቁት። ተቆርጦ የመጣ ጫፍ ከሆነ ጠርዙን በቢላ አጋድማችሁ ቅረፉት። የመገጣጠሚያ ጂብሰም ቀቡ፣ እርጥብ እያለ የወረቀት ቴፕ አስገቡበት፣ በስፓቱላ ጫን ብላችሁ አየሩን አስወጡ። ሲደርቅ ሁለተኛውን 20 ሳንቲሜትር፣ ሦስተኛውን 30 ሳንቲሜትር አስፍታችሁ ቀቡ። ሳይደርቅ አትደርቡ! የመረብ ቴፕ ደረቁን ለጥፎ የግድግዳ ስቱኮ መቀባት ፈጣን ነው፣ ግን አይቆይም። ደንበኛን ለዚህ ማስከፈል ያሳፍራል።

ስንጥቁ ከግድግዳው ጥግ ብቻ ከሆነ ኮርኒሱንና ልስኑን በስቱኮ አጣብቀዋቸዋል ማለት ነው። ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱም። ስቱኮውን አውጥታችሁ ቀለም በሚቀበል አክሪሊክ ማሸጊያ ሙሉት።

ቡናማ እድፍ ካለ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ጠግኑ። ቬንትሌተርን ደግሞ ፈጽሞ ቦርዱ ላይ አትስቀሉ። ከትራሱ ወይም ከሶሌታው በራሱ ማንጠልጠያ ይውረድ።