ወርቅ ለቁጠባ ከሆነ አምባሩን ተዉት

ዱባይ ያላችሁ እህቶች፣ ወርቅ ለቁጠባ ስትገዙ መጀመሪያ የእጅ ዋጋው፣ ማለትም የሠሪው ክፍያ፣ በግራም ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የ22 ካራት ግራሙ 400 ድርሃም ነው ብንል የ20 ግራም አምባር ወርቁ 8000፣ የእጅ በግራም 30 ሲታሰብ 600፣ በድምሩ ላይ 5 በመቶ ቫት 430፣ በቃ 9030 ከፈላችሁ፣ በማግስቱ ልሽጠው ብትሉ ግን ወርቅ ቤቱ ሚዛን ላይ አድርጎ የወርቁን ብቻ ነው የሚያስብላችሁ፣ እሱንም ትንሽ ቀንሶ፣ ፈርጥ ካለው ደሞ ክብደቱን አውጥቶ። ከ1000 ድርሃም በላይ ሄደ በአንድ ቀን! የ24 ካራት ጥፍጥፉ ቫት የለበትም፣ የእጁም ትንሽ ነው። የ1 ግራሟ ግን በግራም ስትታሰብ ትወደዳለች፣ ስለዚህ አጠራቅማችሁ ባለ 10 ግራሙን ግዙ፣ ማሸጊያውን እንዳትቀድዱት፣ ደረሰኙንም አብራችሁ አስቀምጡ።